«ዝውውር ልጠይቅ ነው፤ አለቃዬ መቼ ይስማ?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የተለመደው የፍቅር ጣጣ ነበሩ። አንዷ ግን ከአዊ ዞን፣ ከግምጃ ቤት ከተማ የተላከች ናት። የፍቅር ጉዳይ አይደለችም። ወይም ነገሩን ጠለቅ ብላችሁ ካያችሁት ናት። እስቲ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«በወረዳ መስሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለቤቴ እንጅባራ ነው የሚያስተምረው። የሁለት ዓመት ልጃችን እሱና እናቱ ዘንድ ናት፤ እኔ እዚህ ቤት ተከራይቼ ቅዳሜና እሁድ ብቻ አያታለሁ። ባለፈው ስሄድ ልጄ ከአያቷ ጉያ ወጥታ ወደኔ አልመጣም አለችኝ። አሁን እንጅባራ፣ ዞን መምሪያ ውስጥ በኔው ሙያ ክፍት ቦታ እንዳለ ሰማሁ። ችግሬ አስተባባሪያችን ናቸው። ሥራውን እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ከድንኳን አልወጡም። ልሄድ ነው ብዬ እንዴት አፌን ሞልቼ እነግራቸዋለሁ? ጓደኞቼ ‹ዝም ብለሽ ወረቀቱን አስመጪ፤ ማኅተም ያለበት ነገር ከመጣ በኋላ ምን ያመጣሉ!› ይሉኛል። አንተስ ምን ትለኛለህ?»

እኔ የምለው፣ እህቴ፣ የጓደኞችሽን ምክር ለጊዜው ወዲያ በዪው። ክፉ አስበው አይደለም የመከሩሽ። ወረቀቱ በምን መንገድ እንደሚጓዝ ስላላዩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ከአንድ መስሪያ ቤት ወደ ሌላ ሲዛወር ሦስት ወገን መስማማት አለበት፦ ሠራተኛው፣ ተቀባዩ መስሪያ ቤትና ለቃቂው መስሪያ ቤት። አንቺ እንጅባራ ሄደሽ ማመልከቻ ብታስገቢና ቢወዱሽ እንኳ በማግስቱ «ነይና ሥራ ጀምሪ» አይሉሽም። ለአንቺ መስሪያ ቤት ደብዳቤ ይጽፋሉ። ደብዳቤው ባጭሩ «ሠራተኛዋን በዝውውር ለመቀበል ፈቃደኞች ስለሆንን፣ በእናንተ በኩል ተቃውሞ ከሌለ የግል ማኅደሯንና መልቀቂያዋን ላኩልን» የሚል ነው። ይህ ወረቀት ግምጃ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ መዝገብ ቤት ይገባል። ይመዘገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ኃላፊው ጫፉ ላይ «አስተያየትዎን ይስጡበት» ብለው ይመሩታል። ለማን? ለእኚያው ለአስተባባሪሽ!

እንግዲህ አስቢው። ስድስት ዓመት እንደ ልጃቸው ያዩሽ ሰው መሄድሽን ከመዝገብ ቤቷ ልጅ እጅ ተቀብለው ያነባሉ። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ስታመላልስ ቀድማ አንብባዋለች። ለሻይ ቤቱም ደርሷል። ስሙ ግምጃ ቤት ይሁን እንጂ ወሬ የሚቆለፍበት ከተማ አይደለማ! ከእንጅባራ ጋር ደግሞ በየቀኑ ሰው ይመላለሳል፤ መምሪያው ውስጥ የማመልከቻሽን ፖስታ የተቀበለ ሰው የአስተባባሪሽ የጥንት የሥራ ባልደረባ የመሆኑ ነገር ብዙም አያስገርምም።

እሱም ብቻ አይደለም፤ ስልክ አለ። ተቀባዩ ኃላፊ ደብዳቤውን ከመፈረሙ በፊት ስልኩን አንስቶ «አንዲት የሒሳብ ሠራተኛችሁ ወደኛ ልትመጣ አመልክታለች፤ እንዴት ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ይህቺ የሦስት ደቂቃ ስልክ ማኅደር ውስጥ ካለው ወረቀት ሁሉ ትበልጣለች። አስተባባሪሽ አስቀድመው የሚያውቁ ከሆነ መልሳቸው «አዎ፣ ነግራኛለች፤ እኛን ትጎዳናለች እንጂ ሠራተኛስ ሠራተኛ ናት» ይሆናል። የማያውቁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላሉ። በመስሪያ ቤት ቋንቋ ይህ መልስ ምን ማለት እንደሆነ የሠራችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ስድብ የለበትም፣ ግን ሰውየው በዚያኛው ጫፍ «ይቺ ልጅ አንድ ነገር አለባት» ብሎ ስልኩን ይዘጋል።

አዲስ አበባ ውስጥ የማውቀው አንድ ወጣት በትክክል በዚህ መንገድ ነው የወደቀው። ከአንድ ቅርንጫፍ ወደ ዋናው መስሪያ ቤት ሊዛወር ለሁለት ወር በምስጢር ሲሯሯጥ ከረመ። አለቃው የሰማችው በስልክ ነው። ሴትዮዋ አልጮኸችም፣ አልተጣላችውም። ደብዳቤው ሲመጣ ግን «በሰው ኃይል እጥረት ምክንያት መልቀቅ አንችልም» የሚል የሁለት መስመር መልስ ጽፋ ሸኘችው። እጥረቱ ውሸት አልነበረም፤ ያ ልጅ ሁልጊዜም የነበረውን እጥረት እንድታስታውሰው ምክንያት ሰጣት። ሁለት ወር ሙሉ ለመተኪያ ሊውል ይችል የነበረው ጊዜም አብሮ ባከነ።

ስለዚህ አስተባባሪሽ መስማት አለባቸው፤ ይህ አልቋል። ጥያቄው መቼ የሚለው ነው።

«ሰማሁ» ነው ያልሽኝ። «ሰማሁ» አይበቃም። በወሬ ላይ ተመስርተሽ ለአለቃሽ «ልሄድ ነው» ብትዪና ቦታው ባይኖር፣ ልቧ የሸፈተ ሠራተኛ ተብለሽ ትቀሪያለሽ። መጀመሪያ ሦስት ነገር አጣሪ። አንደኛ፣ ቦታው በእውነት ክፍት ነው ወይ? መደቡ በመዋቅር ላይ ያለ፣ በጀት የተያዘለት መሆን አለበት። ይህን የሚያውቀው የመምሪያው የሰው ሀብት ክፍል ነው (ስሙ በየጊዜው ስለሚቀያየር እኔ በቀድሞው ልጥራው)። ሁለተኛ፣ የመደቡ ደረጃ ከአንቺ ጋር እኩል ነው ወይ? ዝውውር የሚባለው ተመሳሳይ ደረጃና እኩል ደመወዝ ይዘሽ ወደ ጎን ስትሄጂ ነው። ቦታው ከአንቺ አንድ ደረጃ እንኳ ከፍ ካለ ነገሩ የደረጃ እድገት ሆነ፤ ማስታወቂያ፣ ውድድርና ነጥብ አለበት፤ ሌላ መንገድ ነው። ብዙ ወጣት ሁለቱን አደባልቆ አለቃው ፊት ይቀርብና «የቱን ነው የጠየቅከው?» ሲባል ይደናገራል። ሦስተኛ፣ ዝውውር በክልሉ መመሪያ መሠረት ምን እንደሚጠይቅ ከራስሽ መስሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ጠይቂና መመሪያውን በዓይንሽ እዪ። የፌዴራሉ አዋጅ እንኳ በ2010 ዓ.ም. በቁጥር 1064 ወጥቶ፣ በ2017 ዓ.ም. በቁጥር 1353 ተተክቷል፤ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸው አላቸው። የአምና ሰው የነገረሽን ይዘሽ አትሂጂ።

ሦስቱም «አዎ» ከሆኑ፣ ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ለአስተባባሪሽ ትነግሪያቸዋለሽ። አጣርተሽ ከጨረስሽ በኋላ፣ ካስገባሽ በፊት። ያቺ መሐል ያለችው ሦስትና አራት ቀን ናት የአክብሮቷ ቦታ። ካስገባሽ በኋላ ከሆነ «አሳወቀችኝ» እንጂ «አማከረችኝ» አይሉም፤ እኚህ ሰው ደግሞ በጻፍሽልኝ ጠባያቸው መማከር የሚገባቸው ናቸው።

ከወራቱ አንጻርም አስቢበት። አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፣ እኔ አልነግርሽም፤ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። ግንቦት አጋማሽ ላይ «ልሂድ» ማለት አዝመራ ሊሰበሰብ ሲል ማጭዱን ይዞ እንደመጥፋት ነው። ሐምሌም የሒሳብ መዝጊያ ነው። በሌላ በኩል የሥራ አፈጻጸም የሚሞላው በየስድስት ወሩ ነው፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያልቅና ጥር ላይ ቅጹ ይሞላል። ቅጹን የሚሞሉት ደግሞ የቅርብ ኃላፊሽ ናቸው። «እንግዲያስ እስኪሞሉልኝ ልጠብቅና ከዚያ ልንገራቸው» የሚል ብልጠት አሁን ወደ ጭንቅላትሽ እንደመጣ ይታወቀኛል! በፈረሙ በማግስቱ ብትነግሪያቸው ግን ብልጠቷን እሳቸውም ያነቧታል። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይለፍ። የካቲትና መጋቢት ደህና ናቸው፤ የመንፈቁ ሪፖርት ሄዷል፣ ሰኔ ገና ነው፣ ለተተኪ ፍለጋም ጊዜ አለ። ከወሩ ደግሞ ቀኗን ምረጪ። በደብዳቤሽ ላይ የመምህራኑንና የጤና ሠራተኞቹን ደመወዝ የምትሠሪው አንቺ እንደሆንሽ ጽፈሻል። ከወሩ 20 በኋላ የደመወዝ ሰሞን ስለሆነ አትንኪያቸው። ከወሩ 5 እስከ 15 ባለው ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባለጉዳይ ቀለል ሲል ግቢ።

ምን ብለሽ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበላሻል። አንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ምስጋና ይደረድርና ሰውየው «ብድር ልትጠይቀኝ ነው መሰለኝ» ብለው እስኪሰጉ ያስጨንቃቸዋል። ሌላው ደግሞ ድፍረት ለማግኘት ሲል የስድስት ዓመት ቅሬታ ይዘረግፋል፦ አበል አልደረሰኝም፣ ሥልጠና ሌላ ሰው ሄደ፣ ወንበሬ ተሰብሮ አልተቀየረም። ቅሬታው እውነት ቢሆንም የዚያን ቀን አታንሺው። ቅሬታ ካነሳሽ ንግግሩ ስለ ዝውውር መሆኑ ይቀርና ክርክር ይሆናል፤ እሳቸውም ወንበሩን ለማስጠገን ቃል ገብተው «እንግዲህ ቅሪ» ይሉሻል።

እኔ ብሆን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ «ጋሼ፣ ለማንም ሳልናገር መጀመሪያ ለእርስዎ ልነግርዎት ነው የመጣሁት። እንጅባራ መምሪያው ውስጥ በደረጃዬ አንድ ክፍት የሒሳብ ቦታ አለ፤ ለማመልከት አስቤያለሁ። ምክንያቱ ልጄ ናት፤ ከሳምንት ሁለት ቀን ነው የማያት። ገና አላስገባሁም። የተሳካ እንደሆነ ሥራው እንዳይበደል መቼና እንዴት ብሄድ ይሻላል ብዬ እርስዎን ላማክር ነው።»

አለቀ። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለሽ አልጠየቅሽም። መሄዱን ወስነሻል፤ የጠየቅሽው መቼና እንዴት የሚለውን ነው። «ይፈቅዱልኛል ወይ?» ብለሽ ከጀመርሽ፣ ሰውየው በቅን ልቦና «ቆይ እስቲ ለከርሞ እናየዋለን» ይሉሻል፤ አንቺም ካከበርሽው ቃላቸው መውጣት ያቅትሻል። ምክንያትሽን ደግሞ አንዱን ብቻ ንገሪያቸው፤ እውነተኛውን። ልጅሽ ናት ምክንያቱ። ትምህርት ልማር ነው፣ አየሩ አልተስማማኝም፣ የቤት ኪራይ ተወደደ እያልሽ ብትደራርቢበት ዋናው ይሸፈናል።

ከዚያ ዝም በይ። እሳቸው ይናገሩ።

የሚመጣው መልስ አንድ ዓይነት አይሆንም። ደስ ብሏቸው ቢመርቁሽ ጥሩ፤ እሱን ማብራራት አያስፈልግም። ቅር ቢላቸውና ዝም ቢሉሽ፣ ዝምታውን በወሬ ለመሙላት አትሞክሪ። «ሐሳቡን ያሳድሩትና ሐሙስ ልምጣ» ብለሽ ውጪ። ሐሙስ ደግሞ በእርግጥ ሂጂ። የሚከብደው «እሺ፣ ግን ተተኪ እስኪገኝ ጠብቂ» የሚለው መልስ ነው፤ ምክንያቱም ይህ አባባል አንዳንዴ እውነት ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በጨዋ ቋንቋ የተባለ እምቢታ ነው። እንዴት ይለያል ብትዪኝ፣ በወረቀት ይለያል። እውነት ከሆነ መስሪያ ቤቱ የተተኪ ጥያቄ ለሰው ሀብት ክፍል ይጽፋል፤ ወይም ከክፍሉ አንድ ሰው አንቺ አጠገብ ተቀምጦ የደመወዝ ሥራውን እንዲለምድ ይመደባል። አንድ ወር አልፎ ያልተጻፈ፣ ማንም ያልተመደበ ከሆነ ተተኪ እየተፈለገ አይደለም። ያኔ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ የተተኪ ጥያቄው እንዲጻፍ ረቂቁን እኔ ላዘጋጅ?» ብለሽ ራስሽ አቅርቢላቸው። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ቅንነት ሳይሆን የሚጽፈው ሰው ነው።

ሌላም መላ አለ፤ በተለይ መምህራን ያውቁታል። የእርስ በርስ ቅያሬ ነው። እንጅባራ ላይ በአንቺው መደብና ደረጃ የሚሠራ፣ ቤተሰቡ ግን ግምጃ ቤት ወይም አካባቢው ያለ ሰው ካገኘሽ፣ ሁለታችሁም በየመስሪያ ቤታችሁ ታመለክታላችሁ። የአስተባባሪሽ ስጋት ያለ ሠራተኛ መቅረት ነው እንጂ አንቺን ማሰር አይደለም፤ ሰው ይዘሽላቸው ከመጣሽ ስጋቱ ጎሎ ቀረ ማለት ነው። ክፍት ቦታውን ስትጠይቂ ጎን ለጎን ይህንንም አጠያይቂ።

የቃሉ ንግግር ካለቀ በኋላ ወደ ወረቀቱ። ማመልከቻው ለመስሪያ ቤቱ ኃላፊ ይጻፋል፤ ግልባጭ ለአስተባባሪሽ። አስተባባሪውን ዘለሽ በቀጥታ ኃላፊው ቢሮ አትግቢ፤ ኃላፊው ቢፈቅዱልሽም እንኳ እሳቸውን ያስከፋሻቸው በዚያች መዝለል ነው። ረጅም አይሁን። ለምሳሌ ያህል፦

«ጉዳዩ፦ የዝውውር ጥያቄ ማቅረቤን ስለማሳወቅ። እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ሠራተኛ፣ በዞን መምሪያው በሚገኘው በሙያዬና በደረጃዬ ክፍት የሥራ መደብ ላይ በዝውውር ለመሥራት ማመልከት የምፈልግ መሆኔን በቅድሚያ እገልጻለሁ። ምክንያቴ ባለቤቴና ልጄ በእንጅባራ ከተማ የሚኖሩ በመሆናቸው ነው። ጥያቄዬ ተቀባይነት ካገኘ በእጄ የሚገኘውን ሥራና ሰነድ በዝርዝር አስረክቤ ለመሄድና ተተኪውን ለማለማመድ ዝግጁ መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ።»

የባለቤትሽን የሥራ ማስረጃና የጋብቻ ምስክር ወረቀት አያይዢ። መዝገብ ቤት ስታስገቢ የራስሽን ቅጂ ቁጥርና ቀን አስመዝግበሽ ተቀበዪ። «ከጋሼ ጋር ተስማምተናል፣ ምን ያስፈልጋል» አትበዪ። ነገ እሳቸው ቢቀየሩና ሌላ አስተባባሪ ቢመጣ የተስማማሽው ከማን ጋር ነው? ወረቀት ማስገባት አለማመን አይደለም፤ እንዲያውም እሳቸው በላይኞቻቸው ሲጠየቁ የሚያሳዩት እሱን ነው።

«የኔ አለቃ እንዳንቺ ደግ አይደለም፤ ገና ስነግረው ሊበቀለኝ ነው የሚጀምረው» የምትሉ አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ አሉ። ነግራችሁት የሥራ አፈጻጸማችሁን የሚቆርጥ፣ ለመስክ የማይልካችሁ፣ ወሬ የሚያስወራ ዓይነት ከሆነና ይህን በሌላ ሰው ላይ ሲያደርግ በዓይናችሁ ካያችሁ፣ አስቀድሞ የማማከሩ ነገር ይቅርባችሁ። ግን እሱንም ቢሆን አትደብቁት፤ ማመልከቻውን ያስገባችሁ ዕለት፣ በዚያው ሰዓት፣ ግልባጩን ይዛችሁ ገብታችሁ በእጁ ስጡት። ከሌላ ሰው እንዳይሰማ። ከዚያ በኋላ እምቢ ካለ እምቢታውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ጠይቁ፤ በየመስሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የተቋቋመው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ኮሚቴ ፊት «አልነገረችኝም» የሚለውን መሣሪያ ቀድማችሁ ስለነጠቃችሁት የሚቀረው የሥራው ጉዳይ ብቻ ይሆናል። «እለቅልሃለሁ» የሚለውን ማስፈራሪያ ግን አትጠቀሙ፤ ካልለቀቃችሁ ይታዘባችኋል፣ ከለቀቃችሁ ደግሞ ዝውውር የሚባል ነገር የለም።

የግል ድርጅትና ባንክ ውስጥ ያላችሁም መንገዱ ብዙ አይለይባችሁም። ልዩነቱ፣ በብዙዎቹ ዘንድ የውስጥ ማስታወቂያው ቅጽ ራሱ የቅርብ አለቃ ፊርማ የሚሞላበት ክፍት ቦታ አለው። ፊርማውን ለመጨረሻ ቀን አታስቀሩት። በመዝጊያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጽ ይዞ መሮጥ አለቃን ሳያስብ እንዲፈርም ማስገደድ ነው፤ ያን ደግሞ ማንም አይወድም።

ወደ እህታችን ልመለስ። ደብዳቤው መጣ እንበል። አስተባባሪሽ «ተቃውሞ የለኝም» ብለው ጻፉ፣ ኃላፊው ፈረሙ። አሁን ሥራው ርክክብ ነው፤ ያመሰገንሻቸው መሆኑን የሚያዩትም እዚህ ላይ ነው እንጂ በንግግርሽ አይደለም። በሒሳብ ክፍል የሄደ ሰው የሚረገመው ባልተወራረደ ተሰብሳቢ፣ ባልታረቀ የባንክ ሒሳብና እሱ ብቻ በሚያውቀው የኮምፒዩተር ፋይል ነው። ስለዚህ በእጅሽ ያለውን በዝርዝር ጻፊ፦ የየትኛው ወር ደመወዝ ተሠርቷል፣ ከማን ላይ ምን ተቀናሽ አለ፣ የባንክ ማስታረቁ እስከ የትኛው ወር ደርሷል፣ ማን ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ አላወራረደም። የብድርና የፍርድ ቤት ተቀናሾችን ለብቻ አውጪያቸው። በሚቀጥለው ወር የሚሳሳተው ሰው የሚሳሳተው እነሱ ላይ ነው፤ ደመወዙ የተዛባበት መምህር ደግሞ የሚመጣው አስተባባሪሽ ቢሮ ነው። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አስረካቢ፣ ተረካቢና አስተባባሪው ይፈርሙበት። በንብረት ክፍል በስምሽ የተመዘገበ ወንበርም ይሁን ማስያ ይመለስ። ተያዥ ያቀረብሽበት ሥራ ካለ፣ ዋስሽ የሆነው ሰው ነጻ የሚወጣው ሒሳቡ ተመርምሮ ሲያልቅ ስለሆነ ለእሱም ንገሪው።

በመሸኛ ደብዳቤሽ ላይ ሁለት ቦታ በጣትሽ እያስኬድሽ አንብቢ። አንዱ «ደመወዟ እስከዚህ ቀን ድረስ የተከፈላት መሆኑን» የሚለው ነው። ቀኑ ግምጃ ቤት የመጨረሻ ከተከፈለሽበት ጋር ካልገጠመ፣ እንጅባራ ላይ የአንድ ወር ደመወዝ በአየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ለማስተካከል ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል። የደመወዝ ሠራተኛ ሆነሽ በራስሽ ደመወዝ ብትሳሳቺ መሳቂያ ነው የምትሆኚው! ሁለተኛው ያልተጠቀምሽበት የዓመት ፈቃድሽ ነው፤ ካልተጻፈ አዲሱ መስሪያ ቤት ከየት ያውቀዋል?

ያልተሳካ እንደሆነስ? ይህም አለ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ያኔ ውጤቱን ከወሬ ሳይቀድሙሽ ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው፦ «ጋሼ፣ አልሆነም። ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ሌላ ቦታ ሲገኝ እንደገና አመለክታለሁ።» በድብቅ ጀምሮ የወደቀ ሰው አለቃው ዘንድ ኩርፊያ ይዞ ይመለሳል። አንቺ ግን በግልጽ ስለጀመርሽው ሁለተኛው ጥያቄ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም፤ እንዲያውም ክፍት ቦታ ሲሰሙ የሚጠሩሽ እሳቸው ይሆናሉ።

በደብዳቤሽ ግርጌ «ስሄድ ስጦታ ልግዛላቸው ወይ?» ብለሻል። ከርክክቡ በፊት አትግዢ፤ ፊርማ እየተጠበቀ የሚሰጥ ስጦታ ስሙ ይለወጣል። ሁሉ ካለቀ በኋላ ቡና አፍልተሽ ክፍሉን በሙሉ ብትጠሪ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ ለሚቀጥለው የደመወዝ ወር ስልክሽን ክፍት አድርጊላቸው። ተተኪሽ የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲሠራ ከወሩ 20 እስከ 25 ባለው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደውላል፤ ይህንን ደግሞ ለአዲሱ አለቃሽ ገና ከመጀመሪያው ቀን «ለአንድ ወር እንዲህ ያለ ስልክ ይመጣብኛል» ብለሽ አስታውቂያቸው። ልጅሽ ደግሞ ለጥቂት ቀን ታኮርፍሻለች፤ እሷን በተመለከተ ሌላ ሳምንት ጻፊልኝ።